«ናፍቆት» ብቻውን አልበቃንም



ዘንድሮ አዲስ ገቢ ተማሪዎች የሚሞሉትን አጭር መጠይቅ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድንመልስ ተሰጠን። መድረሳም የመንግሥት ትምህርት ቤትም ያለፍን ነንና ሥራው የአንድ ምሽት መስሎን ነበር። ሁለት ቃላት ግን ሳምንት ሙሉ አቆሙን፤ «ሆምሲክ» እና «ኦክዋርድ»።

የመጀመሪያውን «አገሬ ይናፍቀኛል» አልነው። ከዚያ ዋናውን ያላየ አንድ ወንድም አማርኛውን መልሶ ወደ እንግሊዝኛ እንዲያዞርልን ለመንነው። የመጣልን በባሕር ማዶ ያለ ሰው ንግግር ነበር። እኛ «አገርህ የት ነው?» ስንባባል ደሴ ወይም ጅማ ማለታችን ነው፤ እሱ ግን መላ ኢትዮጵያን ተረዳ። «ቤተሰቤ ይናፍቀኛል» ስንል ደግሞ ሰዎቹ ገቡ፣ ቤቱና ሰፈሩ ቀሩ።

ቆይቶ የገባን ሌላ ነገር ነው። ናፍቆት ፊቱ ወደ ተውነው ቦታ ነው፤ በመጣንበት ቦታ እንግዳ መሆናችንን አይነግርም። ለእሱ «ባይተዋርነት» የሚል ቃል አለን። ስለዚህ ጥያቄውን ለሁለት ከፈልነው፦ «ቤቴና ሰፈሬ እየናፈቁኝ ይከፋኛል»፣ «እዚህ ባይተዋርነት ይሰማኛል»። አንዱ ጥያቄ ሁለት ሲሆን ድምሩ እንዳይዛባ፣ ሁለቱ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ ማስታወሻ ጨመርን።

«ኦክዋርድ» የባሰ ነበር። «ሰው መሀል አፍራለሁ» ብለን ለአንዲት እህት ብናሳያት፣ «ምን አጥፍቼ?» አለችን። አንድ የመድረሳ ጓደኛችን ደግሞ ደስ ብሎት «አዎ» ላይ ምልክት አደረገ፤ ኡስታዛችን ሐያእን «ማፈር» እያሉ ነበር ያስተማሩን፣ እሱም የተመሰገነ ጠባይ ነው። ችግር የሚፈልገው ጥያቄ መልካም ጠባይ ቆጠረ ማለት ነው። «ይሉኝታ»ም አልሆነም፤ ይሉኝታ ሰው ምን ይለኛል ብለን የጠገብነውን ምግብ የሚያስበላን ነው።

በመጨረሻ ስሙን ትተን ሁኔታውን ጻፍነው፦ «ሰው መሀል ስገባ ምን እንደምናገር፣ እጄን የት እንደማደርግ ይጠፋኛል»። ይህ ተመልሶ ሲተረጎም ከዋናው ጋር ገጠመ። ረዝሟል፤ ደግሞም ለዚህ ጥያቄ ብቻ ነው የሚሠራው። ሰዎች አውርተው ድንገት ዝም ሲሉ ለሚፈጠረው ስሜት ሌላ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል።

ስናስሞላ አንድ ነገር ተማርን። «ገባህ?» ስንል ሁሉም «ገባኝ» ይላል፤ ይሉኝታ ነዋ! «በራስህ አባባል ንገረን» ስንል ነው ስህተታችን የሚታየው።