በእማማ ግቢ የቀበርኩት መገጣጠሚያ

እማማ በአጥራቸው በር አጠገብ ካለው ቆጣሪ እስከ ቤታቸው አዲስ የውሃ መስመር እንድዘረጋላቸው ሲያሠሩኝ የከፈሉኝ የአንድ ወጥ ቱቦ ዋጋ ነበር። እኔ የቀበርኩላቸው ግን ከሌላ ሥራ የተረፈ ሁለት ቁራጭ ነው። መሃል ላይ መገጣጠሚያ እንዳለ አልነገርኳቸውም። ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ የማደርገው ስህተት መሆኑን አውቅ ነበር።

የድሮው መስመር የብረት ቱቦ ነበር። የብረት ቱቦን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ልባሱ ነው። ለመገጣጠም ጥርስ ሲወጣለት ግን ልባሱ በዚያ ቦታ ላይ ይላጣል። የቱቦው ግድግዳም እዚያው ላይ ስለሚሳሳ፣ እርጥብ አፈር ውስጥ የተቀበረ ብረት ቀድሞ የሚበሳው በጥርሱ በኩል ነው። የእማማም መስመር የተበሳው እንዲሁ ነበር። ስለዚህ ኤችዲፒኢ የሚባለውን ጥቁር ፕላስቲክ ቱቦ መረጥኩ፤ የውጭ ዲያሜትሩ 32 ሚሊ ሜትር፣ በላዩ ላይ ፒኤን 16 የሚል ጽሑፍ ያለበት። ያ ቁጥር ቱቦው 16 ባር እንደሚችል ይናገራል፤ 160 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚፈጥረው ግፊት ማለት ነው። ምርጫው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን የምመርጠው እሱን ነው። የዚህ ቱቦ ትልቁ ጥቅም ግን በጥቅል መሸጡ ነው። ከቆጣሪው እስከ ቤቱ 22 ሜትር ነበር፤ ከጥቅሉ ቆርጦ አንድ መገጣጠሚያ እንኳ ሳይኖረው መዘርጋት ይቻል ነበር። እኔ ያንን ጥቅም ነው የሸጥኩባቸው።

ሁለቱን ቁራጮች ያገናኘሁት በነት በሚጠብቅ የፕላስቲክ ፊቲንግ ነው። በአግባቡ ከተሠራ የሚታመን ዕቃ ነው። ቱቦው ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፣ ጠርዙ በቢላ ዙሪያውን በትንሹ ይላጫል፤ ከዚያ ፊቲንጉ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ ተለክቶ በቱቦው ላይ ምልክት ይደረጋል። ውስጥ የጎማ ቀለበት አለ። ቱቦው እዚያ ሲደርስ ጠጠር ይላል፤ ያልለመደ ሰው የመጨረሻው ይመስለዋል። ቀለበቱን አልፎ ምልክቱ እስኪሰወር ድረስ መገፋት አለበት። እኔ በመጋዝ የቆረጥኩትን ጠርዝ ሳልላጭ፣ ምልክትም ሳላደርግ ገፋሁና ነቱን አጠበቅሁት። ውሃ ስንለቅበት አላፈሰሰም። ጎማውን ገና ነክሶት ስለነበር በዚያች ሰዓት ይዞ ነበር።

ቱቦው ከቀትር ፀሐይ ተነስቶ እንደጋለ ነበር ቦዩ ውስጥ የገባው። ያኔ ቀጥ እንዲል ወጥሬ ዘረጋሁት፤ ይህ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው። ጥቁር ቱቦ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል። 20 ሜትር ቱቦ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢወርድ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ማጠር ይፈልጋል። ስለዚህ ነው ቦዩ ውስጥ በመጠኑ እየተጠማዘዘ የሚጋደመው፤ ሲያጥር ከመገጣጠሚያው ሳይሆን ከጠመዝማዛው እንዲወስድ።

የቦዩን ጥልቀት ብነግራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ ያፍሩብኛል። በግቢ ውስጥ ከቱቦው ጀርባ በላይ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር አፈር እንዲኖር፣ መኪና በሚያልፍበት ደግሞ እስከ 90 እንዲደርስ ሠራተኞቼን የማዝ ሰው ነኝ። በእማማ ግቢ ግን ሰማዩ ዝናብ ቋጥሮ ነበር፣ ቆፋሪዎቹም ደክመዋል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ አስቆምኳቸው። አፈሩ የቦሌን አካባቢ የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በዚያ ጥልቀት ላይ ያለ ቱቦ ከአፈሩ ጋር አብሮ ይጎተታል።

ከሥሩ 10 ሳንቲ ሜትር የወንዝ አሸዋ ቢነጠፍ፣ ከላዩም ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ቢለብስ፣ አፈሩ ሲንቀሳቀስ ቱቦው አሸዋው ውስጥ እየተንሸራተተ ይተርፍ ነበር። አሸዋ ለማምጣት ጊዜ አልሰጠሁም። የወጣውን አፈር ከነድንጋዩ መልሼ ደፋሁበትና በእግር አስረገጥኩት።

ክረምቱ በሰላም አለፈ። በጋው ሲጠና የእማማ የውሃ ሒሳብ ከፍ እያለ መጣ። ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ ብቻዬን ሆኜ ይህን ሁሉ ውሃ ምን አደረግሁት?» አሉኝ። በዚያች ደቂቃ መገጣጠሚያው ትዝ አለኝ። አፌ ግን፣ «እማማ፣ የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ያፈስስ ይሆናል፤ ካልሆነም ቆጣሪው ነው» አለ። እሳቸውም አምነውኝ ስለ ቆጣሪው አቤት ሊሉ በዚያ ጉልበታቸው ቢሮ ተመላለሱ። ግቢው ላይ እርጥበት አይታይም ነበር፤ ዋልካው በስንጥቁ ውሃውን ወደ ታች ይወስደው ስለነበር ለውሸቴ መሸፈኛ ሆነልኝ። ከቁፋሮው ሁሉ ይልቅ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ቱቦውን የቀበርኩት በስንፍናና በስስት ነበር፤ እሳቸውን ግን በገዛ ቤታቸው አያያዝ እንዲጠራጠሩ አደረግኋቸው።

በመጨረሻ ሄጄ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። ቤቱ መግቢያ ላይ ያለውን ቫልቭ ዘግቼ ቆጣሪው ፊት ተቀመጥኩ። ቤት ውስጥ አንድም ጠብታ አይወርድም፣ በቆጣሪው ፊት ላይ ያለችው ትንሿ ቀይ መዘውር ግን ትዞራለች። ይህ ከሆነ ጥፋቱ በቆጣሪውና በቫልቩ መካከል፣ መሬት ውስጥ ነው። በአንድ ሰዓት 30 ሊትር አለፈ። በሰፈሩ ውሃ በፈረቃ በሳምንት 3 ቀን ነው የሚመጣው፤ በቀን 720 ሊትር፣ በሳምንት 2160፣ በወር ከ9 ሜትር ኩብ በላይ ማለት ነው። ፍጆታ ከፍ ሲል የእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ዋጋም ስለሚጨምር፣ እማማ የሚከፍሉት ላልጠጡት ውሃ በውድ ዋጋ ነበር።

ፈረቃው ሌላም ነገር አለው፤ ለእማማ ስናገር ድምፄ የጠፋብኝ እዚህ ላይ ነው። ውሃ ሲኖር ግፊቱ ወደ ውጭ ያስወጣል። ውሃው ሲቋረጥና መስመሩ ባዶ ሲሆን ግን ያው ክፍተት በዙሪያው የተጠራቀመውን የጭቃ ውሃ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። እማማ ውሃው በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ላይ ደፍርሶ እንደሚወርድ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። «የመንገዱ መስመር ነው» ብያቸው ነበር።

ስንቆፍር ቱቦው ከፊቲንጉ ተስቦ ጫፉ ብቻ ቀርቶ አገኘነው። ሁሉንም በራሴ ወጪ አወጣሁት። አዲሱን ከጥቅሉ ቆርጬ፣ መሃል ላይ ምንም ሳይገጣጠም፣ በጠዋቱ ቅዝቃዜ በ70 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አሸዋ ላይ አጋደምኩት። በበሩ በኩል 90 አስገባሁት። ሁለቱ የጫፍ መገጣጠሚያዎች ሳይሸፈኑ የግፊት ፓምፕ አስገብቼ ከመስመሩ የሥራ ግፊት በአንድ ተኩል እጥፍ ፈተንኩትና መርፌው አለመውረዱን እማማ በዓይናቸው እንዲያዩ አደረግሁ። ከዚያ አሸዋው ለበሰ፤ አፈሩም ድንጋዩ ተለቅሞ፣ በ20 በ20 ሳንቲ ሜትር እየተጠቀጠቀ ተመለሰ። የሒሳቡን ልዩነትም ከፈልኩ። ቢሮ የተመላለሱበትን ግን የምመልስበት መንገድ የለኝም፤ ይህንንም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ያኔውኑ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚያው ዘመን በተመሳሳይ ችኮላ የዘረጋኋቸው ሌሎች ግቢዎች አሉ። አንዳንዶቹ ላይ አሁን ኮንክሪት ተደፍቷል። ቆጣሪውን ለማየት ግን መቆፈር ስለማያስፈልግ በየቤቱ እየሄድኩ ቫልቩን ዘግቼ መዘውሯን እያየሁ ነው። ከዞረች ኮንክሪቱን የምሰብረውም የምመልሰውም እኔ ነኝ።