ሒሳቡ ስንት ደረሰ?

ጀሞ ሥጋ ቤት በልተን ስንጨርስ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። "በሞቴ እኔ ልክፈል!" "ኧረ አይሆንም!" ይባላል። በመጨረሻ አንዱ ይከፍላል፣ የቀረነው "እንልክልሃለን" ብለን ታክሲ ውስጥ እንገባለን።

ባለፈው ከፋዩ እኔ ነበርኩ። 7,800 ብሩን ለስድስት አካፈልኩና በግሩፓችን "1,300 ብር ስትችሉ ላኩልኝ" ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ሁለቱ እስካሁን አልቻሉም።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ከስድስታችን ሁለቱ ቢራ አልቀመሱም። አንደኛው በዚያው ማታ ላከልኝ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንጠራው ግን "ሥራ አለብኝ" አለ። ነገሩ የገባኝ የደረሰኙን ፎቶ መልሼ ሳየው ነው። ለካ የእኛን ቢራ 300 ብር አስከፍዬዋለሁ! እሱ ደግሞ ይሉኝታ ይዞት ዝም አለ።

300 ብሩን መለስኩለት። ከደረሰኙ ፎቶ ጋር ደግሞ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"ሰላም፣ ሒሳቡን አሳስቼ ነበር፣ ይቅርታ። ምግብ 6,000 ለስድስት፣ ለሰው 1,000 ብር። ቢራ 1,800 ለአራት፣ ለሰው 450። ስለዚህ የጠጣን 1,450፣ ያልጠጣ 1,000። 1,300 ልካችሁ የነበራችሁ ጠጪዎች 150 ጨምሩ። በቴሌብር፣ በዚሁ ስልኬ፣ እስከ ማክሰኞ ማታ። እስከዚያ የማይመቸው ካለ በውስጥ ይንገረኝ።"

አንዱ በውስጥ "ደሞዝ እስኪገባ" አለኝ፤ ቀኑን ቆረጥን። የሌሎቹ ማክሰኞ ተጠቃሎ ገባ።

ያ ቢራ የማይጠጣው ጓደኛችንስ? "ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው?" ብሎ ጻፈ።