840 ወይስ 690? አንድ ኮንቴይነር ስንት ካርቶን ይይዛል?

ባለፈው ዓመት ማኅበራችን ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት ሲያሰባስብ፣ ከሁሉም በፊት መመለስ የነበረበት አንድ ጥያቄ ነበር፦ ስንት ካርቶን ይገባል? በአቅራቢያችን ያሉ የሦስት ኮሌጆች ማኅበራት ድርሻቸውን እንድንነግራቸው ይጠብቁ ነበር። ያዋጣነው ገንዘብ የሚበቃው ለአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ብቻ ነው። የመርከቡ ዋጋ የሚከፈለው ለኮንቴይነሩ እንጂ ለካርቶኑ ስላልሆነ፣ አሳንሰን ብንገምት ሰው ያዋጣው ገንዘብ አየር ሲያጓጉዝ ይከርማል። አብዝተን ብንገምት ደግሞ ትርፉ ካርቶን የአንዱ ሰው ጋራዥ ውስጥ ይቀራል። በዚያ ላይ ፓኪንግ ሊስቱ ላይ የሰፈረውና ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የሚቆጠረው ቁጥር ካልገጠመ፣ ጉምሩክ ፊት ቆሞ የሚያስረዳው መጽሐፉን የሚቀበለው ትምህርት ቤት ነው።

ምሕንድስና ስለማጠና ስሌቱ ለእኔ ተሰጠኝ። ያገኘሁትን እዚህ የምጽፈው፣ በየዓመቱ ይህንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ የሚጠይቅ ማኅበር ስለማይጠፋ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይዘትን ለይዘት ማካፈል ነው። የባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጡ ርዝመቱ 5.90 ሜትር፣ ወርዱ 2.35 ሜትር፣ ቁመቱ 2.39 ሜትር ገደማ ነው፤ በጠቅላላው 33 ሜትር ኩብ ያህል። የእኛ ካርቶን 16 በ12 በ12 ኢንች የሆነው ትንሹ የዕቃ ማጓጓዣ ካርቶን ነው። በመጽሐፍ ሞልተን በፕላስተር አሽገን ስንለካው ግን ጎኖቹ ትንሽ ስለሚያብጡ 41 በ31 በ31 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የተጨመረው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሰባት ካርቶን ጎን ለጎን ሲቆም ከሦስት ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ መለካት ያለበት የተሞላው ካርቶን ነው እንጂ ባዶው ወይም ሱቁ የጻፈው ቁጥር አይደለም። በዚህ ልክ 33 ሜትር ኩቡን ብናካፍል 840 ካርቶን ገደማ ይወጣል።

840 ትክክል የሚሆነው ግን ካርቶን እንደ ውኃ የሚፈስ ቢሆን ነው። ካርቶን አይቆረጥም፤ በየአቅጣጫው ሙሉ ቁጥር ብቻ ይገባል። በርዝመቱ 590ን ለ41 ስናካፍል 14 ካርቶን ይገባና 16 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። በወርዱ 235ን ለ31 ስናካፍል 7 ይገባና 18 ይተርፋል። በቁመቱ 239ን ለ31 ስናካፍል 7 ይገባና 22 ይተርፋል። 14 በ7 በ7 ሲባዛ 686 ነው። ከ840ው ላይ ከ150 በላይ ካርቶን የጠፋው በእነዚህ ሦስት ትርፎች ነው። ከሦስቱ የጣሪያው ባዶ ቦታ ምንም አይደረግም። ስምንተኛ ደርብ ለመጨመር 248 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል፤ ያለን 239 ነው።

የወርዱ 18 ሴንቲ ሜትር ግን መላ አለው። ወለሉ ላይ ካሉት ሰባት መስመሮች ስድስቱን እንደነበሩ ትተን ሰባተኛውን ብናዞረው፣ ወርዱ ስድስት ጊዜ 31 ሲደመር 41 ይሆናል፤ 227 ማለት ነው። አሁንም ይገባል። በዞረው መስመር ላይ ርዝመቱን የሚይዘው የካርቶኑ አጭሩ ጎን ስለሆነ፣ በ14 ፋንታ 18 ካርቶን ይቆማል። በወረቀት ላይ 19 ይገባ ነበር፤ ግን 589 ሴንቲ ሜትርን 590 ውስጥ የሚያስገባ ጫኝ የለም። ስለዚህ አንድ ደርብ በ98 ፋንታ 102 ካርቶን ይይዛል፤ ሰባት ደርብ 714።

ፓሌትስ? በፎርክሊፍት ሲጫን ሥራው ይቀላል፤ ቦታውን ግን ይበላል። 48 በ40 ኢንች የሆነው የአሜሪካ ፓሌት፣ አንዱን መስመር በቁመት ሌላውን በወርድ ብናደርገው፣ ዘጠኝ ይገባል። እያንዳንዱ በደርብ ዘጠኝ ካርቶን ይይዛል። ፓሌቱ ራሱ 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ የኮንቴይነሩ በር ደግሞ ከውስጡ ዝቅ ብሎ 2.28 ሜትር ነው። ስለዚህ ሰባት ደርብ የተደረደረበት ፓሌት በበሩ አያልፍም፤ ስድስት ደርብ ብቻ ይሆናል። 9 በ9 በ6 ሲባዛ 486። መጋዘን ውስጥ ብዙ ዓመት የሠሩና ጋሼ የምንላቸው የአካባቢያችን ሰው ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «ልጄ፣ ፓሌት ጉልበት ለሌለው ነው። እናንተ ተማሪ ናችሁ፤ በእጅ ጫኑት» አሉኝ። ከ200 በላይ ካርቶን የሚያተርፍ ምክር ነው።

714 ይገባል ማለት ግን 714 በደህና ይደርሳል ማለት አይደለም። በመጽሐፍ የተሞላ ካርቶናችን 18 ኪሎ ይመዝናል። ሰባት ደርብ ከሆነ የታችኛው ካርቶን ስድስት ካርቶን ተሸክሟል፤ 108 ኪሎ። ይችላል ወይ?

መልሱ ከካርቶኑ ሥር ባለው ክብ ማኅተም ይጀምራል። የእኛ ካርቶን ላይ ያለው ቁጥር 32 ነው፤ የግድግዳው ጠርዝ በእያንዳንዱ ኢንች 32 ፓውንድ ሲጫነው ይታጠፋል ማለት ነው። ከዚህ ተነሥቶ የሙሉ ካርቶኑን አቅም የሚገምት ቀላል ቀመር ማኪ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1963 አሳትሟል፦

```
BCT = 5.87 × ECT × √(t × Z)
```

ECT ያ 32 ነው፤ t የግድግዳው ውፍረት ነው፣ በእኛ 0.16 ኢንች ያህል፤ Z የካርቶኑ ዙሪያ ነው፣ 56 ኢንች። ውጤቱ 562 ፓውንድ፣ ማለትም 255 ኪሎ ገደማ ነው። 108 ኪሎ ለመሸከም የሚተርፍ ይመስላል።

ይህ ቁጥር ግን የአዲስ፣ የደረቀና ለደቂቃዎች ብቻ የተጫነ ካርቶን ቁጥር ነው። የእኛ ካርቶን ሳምንታት ባሕር ላይ ይቆያል፤ ከዚያ የጅቡቲን ወበቅ አልፎ በከባድ መኪና ወደ ሞጆ ይወጣል። ወረቀት እርጥበት ሲጠጣ አቅሙ በግማሽ ሊወርድ ይችላል። የማያቋርጥ ጭነት ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ከቀረው ላይ ሌላ ብዙ ይቀንሳል። ኮንቴይነሩ ቀን ግሎ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጣሪያው ሥር ውኃ ይቋጥርና ካርቶኑ ላይ ይንጠባጠባል። እኔ ሁለቱን ቅናሽ አንድ ላይ አድርጌ ከ255ው 30 በመቶውን ብቻ ቆጠርኩ፤ 76 ኪሎ። ይህ አራት ካርቶን ለመሸከም ይበቃል፤ ለአምስት አይበቃም። በዚህ ስሌት ከላይ ያሉት አምስት ደርቦች ደህና ናቸው፤ የታችኞቹ ሁለቱ ግን ችግር ላይ ናቸው።

ሁለት ደርብ ቀንሶ በ510 ካርቶን መሄድ አንድ መፍትሔ ነው። እኛ የመረጥነው ሌላውን ነው፦ ለታችኞቹ ሁለት ደርቦች ብቻ፣ ለ204 ካርቶን፣ የውጭ ልኩ ያው የሆነ ባለ ሁለት ግድግዳ ካርቶን መግዛት። ማኅተሙ ላይ 48 ያለው እንዲህ ያለ ካርቶን ውፍረቱ ሩብ ኢንች ያልፋል፤ በዚያው ቀመር 490 ኪሎ ገደማ ይሰጣል። 30 በመቶው 146 ኪሎ ነው፤ 108ን በደንብ ይሸከማል።

አደራደሩም ከዚህ ጋር ይያያዛል። የካርቶን ጉልበት ያለው ማዕዘኖቹ ላይ ነው። ስለዚህ ማዕዘን በማዕዘን ላይ ይውጣ፤ የዞረውም መስመር በሁሉም ደርብ በአንድ ጎን ይሁን። እንደ ግንብ ጡብ አፈራርቆ መደርደር ቁልሉን ያያይዘዋል፤ ካርቶኑን ግን ያደክመዋል፤ ከላይ ያለው ማዕዘን ከሥር ባለው ደካማ ግድግዳ መካከል ያርፋልና። ካርቶኑ እስከ አፉ መሞላት አለበት። ባዶ ቦታ ካለው በወረቀት ይጠቅጠቅ፤ ሙሉ ከሆነ መጽሐፉ ራሱ ክብደቱን ይጋራል። የሚደክም ቁልል አስቀድሞ ይታወቃል፦ የታችኛው ካርቶን ማዕዘን ላይ ሰያፍ መታጠፊያ ይወጣል፤ ሆዱም ወደ ውጭ ይገፋል። በበሩ በኩል የቀረው ክፍተትም በባዶ ካርቶን ይደገፍ፤ አለበለዚያ በሩን የሚከፍተው ሰው ላይ ይወርድበታል።

በመጨረሻ ለሦስቱ ማኅበራት የነገርናቸው ቁጥር 690 ነበር። ከ714 ላይ 3 በመቶ ያህል የቀነስኩት ለሚያብጥ ካርቶንና ለሚጣመም ረድፍ ነው። 690 ከ840ው 82 በመቶ ነው። ሁሉም ካርቶን አንድ ዓይነት ሲሆን ከ80 እስከ 85 በመቶ ብሎ መጀመር ያስኬዳል፤ ልኩ የተቀላቀለ ከሆነ ከዚያ በታች ጠብቁ።

ክብደቱስ? 690 በ18 ሲባዛ 12.4 ቶን ነው፤ ለባለ 20 ጫማው ቀላል ነው። «ገንዘብ ከተገኘ ባለ 40 ጫማ እንውሰድ» ለሚል ግን ነገሩ ይገለበጣል። በዚያው አደራደር ባለ 40 ጫማው 1,484 ካርቶን ይይዛል፤ 26.7 ቶን መሆኑ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ደግሞ በዋና አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ከነጭነቱ ከ80,000 ፓውንድ እንዳያልፍ ይከለክላል። መኪናው፣ ተጎታቹና ኮንቴይነሩ ሲቀነሱ ለዕቃው የሚቀረው 20 ቶን ገደማ ነው። ይህ 1,111 ካርቶን ነው፤ ሩቡ ቦታ ባዶ ይሄዳል። መጽሐፍ ሲሆን በባለ 40 ጫማ የሚያቆመው ክብደት ነው፤ በባለ 20 ጫማ ግን ቦታ ነው። ልብስና መጽሐፍ የሚቀላቅል ማኅበር ትልቁን ሊወስድ ይችላል፤ መጽሐፍ ብቻ ያለው ግን አስቀድሞ ኪሎውን ይደምር።

የመጫኛው ዕለት ጋሼ ሌላ ካርቶን ከማስገባታችን በፊት ከጥጉ ጀምረን አንድ ረድፍ ብቻ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ከወለል እስከ ሰባተኛ ደርብ አቆሙን። «ሰባት በሰባት፣ 49 ከቆመ ቁጥርህ እውነት ነው። 48 ላይ ከጠበበ አሁኑኑ ደውልላቸው» አሉኝ። አርባ ዘጠኙም ቆመ፤ በጎን የአንድ እጅ ጣቶች የሚገቡበት ክፍተት ቀረ። እናንተም ስትጭኑ ይህን ረድፍ አትዝለሉት። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ካርቶኖቹ ገና መሬት ላይ እያሉ ቁጥሩ መስተካከል እንዳለበት የሚነግራችሁ እሱ ነው።