ስዊቹ ከመብራቱ በፊት የነበረው ቮልቴጅ

በፈተና ወረቀቶች ላይ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ተማሪው ላፕላስን አሳምሮ ያውቃል፣ ፓርሻል ፍራክሽኑንም ያለ ስህተት ይበትናል፤ መልሱ ግን ካፓሲተሩን ከዜሮ ቮልት ያስነሳዋል፣ ጥያቄው ላይ v(0⁻) = 4 V ተብሎ በግልጽ ተጽፎ ሳለ። ሂሳቡን መስመር በመስመር ስከተለው ብዙ ጊዜ ስህተት አላገኝም። የተሳሳተው ከሂሳቡ በፊት የተሳለው ሰርኪዩት ነው።

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በአንድ ሰርኪዩት ላይ ነው። 12 ቮልት ምንጭ፣ ስዊች፣ 12 ኦም ሬዚስተር፣ 10 ሚሊሄንሪ ኢንዳክተር እና 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ተያይዘዋል። ካፓሲተሩ ላይ ከቀድሞ የቀረ 4 ቮልት አለ፤ ፖዘቲቭ ጫፉም ወደ ምንጩ ፖዘቲቭ በኩል ዞሯል። በኢንዳክተሩ ውስጥ ከረንት የለም። ስዊቹ የሚበራው በ t = 0 ነው።

፨

የካፓሲተር ሕግ i = C dv/dt ነው። ሁለቱን ወገን ወደ s ስንወስድ I = C(sV − v(0⁻)) እናገኛለን። V ለብቻው ሲወጣ እንዲህ ይሆናል፦

V(s) = I(s)/(sC) + v(0⁻)/s

ይህን መስመር ሸምድዶ ማለፍ ይቻላል፤ እንደ ስዕል ያነበበው ግን የበለጠ ይጠቀማል። መስመሩ የሚለው፣ ቻርጅ ያለው ካፓሲተር በ s ዓለም ውስጥ ሁለት ነገር ነው፤ ምንም ቻርጅ የሌለው 1/(sC) ኢምፔዳንስ፣ ከእርሱ ጋር በተከታታይ ደግሞ v(0⁻)/s የሆነ የቮልቴጅ ምንጭ። የቀረው 4 ቮልት ከዚህ በኋላ እንደ ማንኛውም ምንጭ ይቆጠራል። አቅጣጫ አለው፣ ሱፐርፖዚሽን ይሠራበታል፣ በኪርቾፍ ሕግም ይደመራል።

ምንጩ በ t = 0 የሚበራ 12 ቮልት ስለሆነ 12/s ነው። ካፓሲተሩ ላይ ያለው 4/s ይቃወመዋል። ስለዚህ የቀረው 8/s በጠቅላላው ኢምፔዳንስ R + sL + 1/(sC) ይካፈላል። ላዕሉንና ታሕቱን በ s አባዝተን በ L ስናካፍል፦

I(s) = 800 / (s² + 1200s + 1000000)

ታሕቱ (s + 600)² + 800² ነው። ከሰንጠረዥ በቀጥታ i(t) = e^(−600t) sin 800t አምፔር ይወጣል። ከረንቱ ከዜሮ ይነሳል፣ በ1.16 ሚሊሰከንድ ገደማ 0.4 አምፔር ይደርሳል፣ ከዚያ እየተወዛወዘ ይሞታል።

፨

የመጀመሪያው የስህተት መንገድ እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ከረንቱን በትክክል አገኘ። አሁን የካፓሲተሩን ቮልቴጅ ተጠየቀ። I(s)ን በ 1/(sC) ያባዛና ያቆማል፤ የሚያገኘውም ከዜሮ ተነስቶ 8 ቮልት ላይ የሚረጋ ነገር ነው።

መልሱ ውሸት መሆኑን ለማወቅ ቀመር አያስፈልግም። ጊዜው ሲረዝም ከረንት ይቆማል፤ ከረንት ከቆመ በሬዚስተሩም በኢንዳክተሩም ላይ ቮልቴጅ የለም፤ ስለዚህ 12 ቮልቱ በሙሉ ካፓሲተሩ ላይ መታየት አለበት። 8 ላይ የረጋ መልስ 4 ቮልት ጠፍቶበታል። የጠፋውም በስዕሉ ላይ ነው፤ ተማሪው የካፓሲተሩን ሁለት ጫፎች የኢምፔዳንሱ ጫፎች አድርጎ ቆጠራቸው። እውነተኛዎቹ ጫፎች ግን ኢምፔዳንሱንና የ4/s ምንጩን በአንድ ላይ የሚያቅፉት ናቸው። በሞዴሉ መካከል ያለችው ነጥብ በወረቀት ላይ ብቻ አለች፤ በቮልትሜትር ማንም አይነካትም። ስለዚህ ስዕሉን ስንስል ሁለቱን አንድ ላይ በነጠብጣብ ሳጥን ከብበን፣ የ v ምልክቶችን ከሳጥኑ ውጭ እንድናስቀምጥ አጥብቄ እመክራለሁ።

4/s ሲጨመር መልሱ ይስተካከላል፦

v(t) = 12 − 8e^(−600t)(cos 800t + 0.75 sin 800t)

በ t = 0 ይህ 4 ነው። ቁልቁለቱም በዚያች ቅጽበት ዜሮ ነው፤ ከረንት ገና ስላልጀመረ እንዲያ መሆንም አለበት። ከ3.93 ሚሊሰከንድ በኋላ 12.76 ቮልት ላይ ይደርስና ወደ 12 ይመለሳል።

፨

ዩኒት ብዙ ያድናል። V(s) የጊዜ ኢንተግራል ስለሆነ ዩኒቱ ቮልት ሳይሆን ቮልት ሲባዛ ሰከንድ ነው። s ደግሞ አንድ በሰከንድ ነው። ስለዚህ 4/s ዩኒቱ ይገጥማል፤ በተከታታይ ሞዴሉ ውስጥ እንዲያው «4» ብሎ የጻፈ ሰው ዩኒቱን ቢፈትሽ ወዲያው ይይዘዋል።

በትይዩ ሞዴሉ ነገሩ ይገለበጣል። I = sCV − Cv(0⁻) የሚለውን እንዳለ ካነበብነው፣ ከኢምፔዳንሱ ጋር ትይዩ የሆነና ወደ ፖዘቲቩ ጫፍ የሚገፋ Cv(0⁻) የከረንት ምንጭ አለን። እዚህ s አይገባም። በእኛ ሰርኪዩት 400 ማይክሮኩሎምብ ነው፤ የ I(s) ዩኒትም አምፔር ሲባዛ ሰከንድ፣ ማለትም ኩሎምብ ነው። በጊዜ ዓለም ይህ ቋሚ ቁጥር ኢምፐልስ ይሆናል፤ ባዶውን ካፓሲተር በአንዲት ቅጽበት 4 ቮልት የሚሞላ ምት። በኖድ ለሚሠራ ሰው ይህኛው ይቀለዋል፣ በሉፕ ለሚሠራ የቀደመው።

፨

ታሕቱን ልብ በሉት፤ s² + 1200s + 1000000 ውስጥ 4 ቮልት የለም። የሚወሰነው በ R፣ በ L እና በ C ብቻ ነው። የመሞቻው ፍጥነት 600 እና የመወዛወዣው 800 ከየትኛውም መነሻ ቮልቴጅ ጋር ያው ናቸው። የቀረው ቮልቴጅ የሚገባው በላዕሉ ብቻ ነው፤ መወዛወዙ ምን ያህል ትልቅ እንደሚሆንና ከየት እንደሚጀምር ይወስናል። መነሻ ቮልቴጁን ቀይሮ ፖሎቹ ከተቀየሩበት፣ አልጀብራው ውስጥ የተቀላቀለ ነገር አለ ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር በጣም ደስ ይለኛል። v(0⁻) 12 ቮልት ቢሆን ላዕሉ ዜሮ ይሆናል። ፖሎቹ በቦታቸው አሉ፣ ስዊቹ በርቷል፣ ሆኖም ምንም አይንቀሳቀስም።

ትራንስፈር ፋንክሽን ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው የሚሳተውም ይህን ነው። H(s) ሲገኝ ሁሉም መነሻ ዜሮ ተደርጎ ነው። H(s)ን በ 12/s ማባዛት የ12 ቮልቱን ድርሻ ይሰጣል፤ የ4 ቮልቱን ድርሻ ለብቻ ማስላት ግድ ነው፤ እርሱም 4e^(−600t)(cos 800t + 0.75 sin 800t) ነው።

፨

ምልክት። ካፓሲተሩ ተገልብጦ ቢገጠም፣ ማለትም v(0⁻) = −4 V ቢሆን፣ በሉፑ ውስጥ የሚገፋው 8 ሳይሆን 16 ቮልት ይሆናል። ከፍተኛው ከረንት ከ0.4 ወደ 0.8 አምፔር ይዘላል፤ ባዶ ካፓሲተር ቢሆን 0.6 ነበር። የቮልቴጁ ጫፍም 12.76 መሆኑ ቀርቶ 13.52 ይሆናል። ሁለቱም መልሶች 12 ላይ ስለሚረጉ መጨረሻውን ብቻ የፈተሸ ሰው ልዩነቱን አያየውም። የሚያጋልጠው መነሻው ነው፤ s ወደ ኢንፊኒቲ ሲሄድ sV(s) ምን ላይ እንደሚደርስ ማየት።

በኃይል መስመር ላይ ይህ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። የካፓሲተር ባንክ ከመስመር ሲቆረጥ በላዩ ላይ ቮልቴጅ ይቀራል። የ50 ኸርዝ መስመር በየ10 ሚሊሰከንዱ ምልክቱን ስለሚለውጥ፣ ሳይፈስ ቶሎ መልሶ ያገናኘው ሰው ተቃራኒው ጫፍ ላይ ሊገጥም ይችላል፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ ባዶ ባንክ ከሚያጋጥመው ትልቁ እጥፍ ይሆናል። ዲስቻርጅ ሬዚስተር የሚገጠመው፣ ዳግመኛ ከማብራት በፊት የመጠበቂያ ጊዜ የሚታዘዘውም ለዚህ ነው። ለዝቅተኛ ቮልቴጅ ባንኮች የወጣው IEC 60831 በ3 ደቂቃ ውስጥ ወደ 75 ቮልት ወይም ከዚያ በታች እንዲወርድ ይጠይቃል። 75 ቮልት ግን ዜሮ አይደለም።

፨

ለምን 0⁻ እንጂ 0⁺ አይባልም? በእኛ ሰርኪዩት ሬዚስተርና ኢንዳክተር ስላሉ ቮልቴጁ በቅጽበት አይዘልም፤ ሁለቱም 4 ናቸው። ልዩነቱ የሚወጣው 12 ቮልት ያለው 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከባዶ አቻው ጋር ያለ ሬዚስተር በስዊች ሲገናኝ ነው። በትይዩ ሞዴሉ አንድ መስመር ይበቃል፤ 2CsV = 12C፣ ስለዚህ V = 6/s። በአንድ ቅጽበት 12ቱም ዜሮውም 6 ሆኑ። ወደ ቀመሩ የገባው 12 እና 0 ነው፣ የወጣው 6። መነሻውን በ sV(s) የሚፈትሽ ሰው እዚህ የሚያገኘው የ0⁺ን ቮልቴጅ ስለሆነ፣ ከተሰጠው 12 ጋር አልገጠመም ብሎ ትክክለኛ መልስ መሰረዝ የለበትም። ቻርጁ በሙሉ አለ። ኢነርጂው ግን ከ7.2 ሚሊጁል ወደ 3.6 ወርዷል፤ የቀረው የት እንደሄደ ይህ ሞዴል አይነግረንም፤ በእውነተኛው ሽቦ ውስጥ ሬዚስታንስ አለ፣ ብልጭታም አለ።

፨

መልሱን በSPICE ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ከወረቀቱ ይለያል።

```
* RLC, v(0-) = 4 V
V1 in 0 12
R1 in a 12
L1 a out 10m IC=0
C1 out 0 100u IC=4
.tran 10u 15m UIC
.end
```

UIC የሚለው ቃል ከተረሳ ፕሮግራሙ መጀመሪያ የዲሲ ሁኔታውን ያሰላል፤ 12 ቮልቱ ከዘላለም ጀምሮ እንደበራ ስለሚቆጥረው ካፓሲተሩን 12 ላይ ያስነሳና ቀጥ ያለ መስመር ይስላል። ይህን ያየ ወዲያው ይጠረጥራል።

የበለጠ የሚያታልለው `.ic V(out)=4` ብሎ UICን መተው ነው። ቮልቴጁ በትክክል ከ4 ይነሳል፣ መጨረሻውም 12 ነው፤ መካከሉ ግን አይገጥምም። ፕሮግራሙ የዲሲውን ሁኔታ ሲያሰላ ኢንዳክተሩን እንደ ተራ ሽቦ ያየዋል፤ out በግድ 4 ላይ ስለተያዘ የቀረው 8 ቮልት በ12 ኦም ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ኢንዳክተሩ 0.667 አምፔር ይዞ ይጀምራል፤ ያልሰጠነው መነሻ ከረንት ነው። የሚታወቀው የኢንዳክተሩን ከረንት ስሎ t = 0 ላይ ከዜሮ መነሳት አለመነሳቱን በማየት ነው፤ ቮልቴጁን ብቻ ለሚያየውም የኩርባው አነሳስ ይነግረዋል፤ አግድም በመጀመር ፈንታ በሚሊሰከንድ 6.7 ቮልት ገደማ በሆነ ፍጥነት ሽቅብ ይወጣል።