ጮክ ብሎ የሚያስፈራራው እና ዝም ብሎ የሚነግረው

አስቸኳይ ማስጠንቀቂያ በማያነቡት ቋንቋ ሲመጣ ሰው የሚፈርደው በመልኩ ነው። ቀይ ምልክትና ቃለ አጋኖ ያለበት እውነተኛ ይመስላል፤ ደረቅ ጽሑፍ ብቻ ያለው ደግሞ ማስታወቂያ ተብሎ ይታለፋል። በቴሌግራም ላይ እውነቱ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው።

ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ እህት፣ ኮምቦልቻ ላለው ታናሽ ወንድሟ ሁለት ስክሪንሾት በኢሞ ላከች እንበል። ስልኳ ዓረብኛ ነው፤ መናገሩን ብትችልም ማንበቡ ያቅታታል። «ቴሌግራሜ ሊዘጋ ነው ብለውኝ ሊንኩን ነክቼ ጨርሻለሁ። ሁለተኛው ግን ምን እንደሆነ እንጃ፣ ላጥፋው?» ትላለች።

ወንድሟ ፎቶዎቹን በትርጉም መተግበሪያ ያሳልፋቸዋል። የመጀመሪያው፦ አካውንትዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል፣ እዚህ ነክተው ያረጋግጡ። ሁለተኛው፦ በ19:40 UTC አዲስ መሣሪያ ወደ አካውንትዎ ገብቷል፣ እርስዎ ካልሆኑ ከሴቲንግ ውስጥ ያስወጡት። ሁለቱም በጥሩ አማርኛ ይወጣሉ። የመጀመሪያው ወጥመድ እዚህ ላይ ነው። ዓረብኛ የሚያነብ ሰው በተበላሸ ሰዋስው ሐሰተኛውን ሊጠረጥር ይችል ነበር፤ ትርጉሙ ግን ስህተቱን አስተካክሎ ያቀርበዋል። ስለዚህ በተተረጎመ ጽሑፍ ቋንቋው ምስክር አይሆንም። የሚታየው ማን እንደላከውና ምን እንደሚጠይቅ ነው።

ላኪውን ለማወቅ ሙሉው ስክሪን ያስፈልጋል፤ ከላይ የተቆረጠ ፎቶ ከመጣ እንደገና ማስላክ ነው። በመጀመሪያው ፎቶ አናት ላይ የቴሌግራም ዓርማና ስም አለ። ነገር ግን ስምና ፎቶ ማንም ይገለብጣል፤ ከስም አጠገብም ማረጋገጫ የሚመስል ምልክት ማስቀመጥ ይቻላል። ዓርማው የማይሸፍነው ከስሙ በታች ያለውን መስመር ነው። ላኪውን ለመዝጋት ወይም ወደ አድራሻ ዝርዝር ለማስገባት የሚጠይቁት ቁልፎች እዚያ ይታያሉ። እነሱ የሚመጡት የማይታወቅ ግለሰብ ሲጽፍ ነው። የድርጅቱ የራሱ ማሳወቂያ የሚደርሰው ግን የመግቢያ ኮዶች ዘወትር በሚመጡበት በዚያው መስኮት ነው። ሁለተኛው ፎቶ ላይ ከማስጠንቀቂያው በላይ፣ ከደቂቃዎች በፊት የመጣ ኮድ ይታያል፤ ኮዱን ለማንም እንዳትሰጡ ከሚል ማሳሰቢያ ጋር።

ከዚያ የሚጠይቁትን ማነጻጸር ነው። ሐሰተኛው ምን እንደተፈጠረ ሳይናገር ድርጊት ያዝዛል፦ ንካ፣ ቁጥርህን ጻፍ፣ ኮድ አስገባ። እውነተኛው የሆነውን ይነግራል፦ የመሣሪያው ዓይነት፣ ግምታዊ ቦታ፣ ሰዓት። ሰዓቱን ማስላት ቀላል ነው። UTC ላይ 3 ሲደመር የሪያድም የኢትዮጵያም ሰዓት ይሆናል፤ ስለዚህ 19:40 ማለት 22:40፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:40 ነው። መሣሪያው ደግሞ Windows ይላል፤ እሷ ኮምፒውተር የላትም። ቦታው በኢንተርኔት አድራሻ የተገመተ ስለሆነ ብቻውን አያስተማምንም፤ ሰዓቱና መሣሪያው ግን በቂ ናቸው። በዚያ ምሽት ሊንኩን ነክታ ኮዱን የሰጠችው ሌባው ገብቷል። ልታጠፋው የነበረው ማስጠንቀቂያ ይህንን ነበር የሚነግራት።

እዚህ ላይ ስክሪንሾት የማይመልሰው ነገር አለ። ሊንኩ ላይ የተጻፈው አድራሻና ሲነካ የሚወስድበት ቦታ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ፎቶው ይህንን አያሳይም። ስለዚህ የመጨረሻው ፍርድ ከፎቶው ውጭ ነው። የመጣውን መልእክት ትቶ በራስ መንገድ መግባት፦ Settings፣ ከዚያ Devices (በዓረብኛው الأجهزة)። አሁን የገቡት መሣሪያዎች ሁሉ እዚያ ተዘርዝረዋል። ያ Windows ከተገኘ ማስጠንቀቂያው እውነት ነበር። ከእጅ ስልኩ በቀር ሌሎቹን ሁሉ የሚያስወጣው ቁልፍም እዚያው ገጽ ላይ ነው።

ጊዜ ያለው ከእሷ ጋር ነው፤ ሆኖም ገደብ አለው። በቴሌግራም አሠራር አዲስ የገባ መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነባሮቹን ማስወጣት አይችልም፤ ነባሩ ግን አዲሱን ወዲያው ማስወጣት ይችላል። እስከ ነገ ምሽት 4:40 ድረስ ስልኳ የበላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሌባው እሷን ሊያስወጣ ይችላል፤ በስሟ «ታምሜያለሁ፣ ብር ላኩልኝ» እያለ ለዘመድ መጻፍ ግን ከገባ ጀምሮ ይችላል። ሐሰተኛው መልእክት የፈጠራት 24 ሰዓት ባዶ ማስፈራሪያ ነበረች፤ እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ሳይጠቅሳት ያለፈችው 24 ሰዓት ግን በትክክል እየቆጠረች ነው።

ሌባው ከወጣ በኋላ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ማብራት ይቀራል፤ ያኔ ኮድ ብቻ ይዞ መግባት አይቻልም። በማግስቱ ደግሞ ለዘመዶች ስልክ ተደውሎ፣ ትናንት ማታ በስሟ የተጻፈ ነገር ካለ እንዳይታመን መንገር ነው።