«ዱቄቱን እጠፊው» ይላል አሰራሩ

ዛሬ ስለ ደመወዝም ስለ ኢቃማም አይደለም የማወራችሁ። ስለ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። ካራንቲና ያለችው ክፍላችን ውስጥ ጁምዓ ጁምዓ ስንሰበሰብ፣ ቡናው ሳይፈላ ይነሳል ይሄ ወሬ፤ «ማዳም የላከችልኝ አሰራር አልገባኝም» የማትል የለችም።

ባለፈው መካ የምትሰራ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ማዳሟ ሐሙስ ማታ ስምንት እንግዳ ጠርታለች፤ ሥጋ በፎሶሊያ፣ ከዚያ ኬክ። አሰራሩን በእንግሊዝኛ በዋትሳፕ ላከችላት፣ «ከተበላሸ ከደመወዝሽ ነው» የምትል ቃልም ጨመረችበት። ልጅቷ ደግሞ ፊደል የቆጠረች ናት። የማታውቃቸውን ቃላት አንድ በአንድ መዝገበ ቃላት ላይ ፈለገች፣ አገኘችም። ያስደነገጣት ያገኘችው ትርጉም ነው። ፎሶሊያውን «አገርጪው»፣ ዱቄቱን «እጠፊው»፣ ሥጋውን «አቃጥይው» ይላል።

«እትዬ፣ ዱቄት እንዴት ነው የሚታጠፈው? ሥጋውንስ አቃጥዬ ማን ይበላዋል?» አለችኝ።

መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም። የምግብ ቤት ቃል ግን ውስጡ እሳቱን፣ ሰዓቱን፣ የእጁን አካሄድ ይዞ ነው የሚዞረው፤ መዝገበ ቃላት እነዚህን አይነግርሽም። እኛስ ጋ እንዲሁ አይደል? «ሽንኩርቱን አቁላዪ» ብትዪኝ ያለ ዘይት፣ በደረቁ ድስት፣ እያማሰልኩ፣ ውሃውን እስኪጨርስ እንደማቆየው ገብቶኛል። ለፈረንጅ «ጥበሺ» ብለሽ ብትተረጉሚላት ግን መጀመሪያ ዘይቱን ነው የምትገለብጠው፤ ወጡ ከዚያው ላይ ሌላ ወጥ ሆነ። ስለዚህ ለልጅቷ ትርጉሙን ትቼ ከቤታችን ሥራ ጋር እያመሳሰልኩ ነገርኳት። እናንተም ታውቁት ዘንድ የነገርኳትን እንዳለ ልጻፈው። በሥራው ቅደም ተከተል ነው፤ ፎሶሊያው ጠዋት፣ ኬኩ ከሰዓት፣ ሥጋው እንግዳ ሊቀመጥ ሲል።

መጀመሪያ ብላንች። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ ማንጣት ማለት ነው፤ «አገርጪ» የሚለው ትርጉም የመጣው ከዚያ ነው። ፎሶሊያ ግን በብላንች አይነጣም፣ እንዲያውም አረንጓዴው ይደምቃል። ሥራው በሚፈላ ውሃ ለአጭር ጊዜ ነክሮ ማውጣት ነው። ዶሮ አርደሽ ላባውን ለመንጨት ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከር እንደምታደርጊው በይው። ከቆየ ቆዳው አብሮ እንደሚላጥ፣ ካነሰ ላባው እንቢ እንደሚል ታውቂያለሽ። ያቺን ልኬት ነው የሚፈልጉት።

ለግማሽ ኪሎ ፎሶሊያ ትልቅ ድስት ላይ ሦስት አራት ሊትር ውሃ ጣጂ፣ ጨው ጨምሪበት። ውሃው የሚበዛው ፎሶሊያው ሲገባ ቶሎ እንዳይቀዘቅዝ ነው። ሲንተከተክ ክተቺው፣ ክዳኑን አትክደኚ። ሁለት ደቂቃ ሲሆን አንዱን አውጥተሽ ንከሺው። ጥሬ ጥሬ የማይል፣ ግን ጥርስ ላይ ቀጭ የሚል ከሆነ ደርሷል። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አራት ደቂቃ አያልፍም።

አሁን ሁላችንን የሚያታልለን ቦታ መጣ። አውጥተሽ ዝም ብለሽ ብታስቀምጪው ውስጡ ያለው ሙቀት መቀቀሉን ይቀጥላል። እሳት ላይ ሳለ ያማረው ፎሶሊያ ሳህን ላይ ቆይቶ እንደ ደረቀ ወይራ ቅጠል ይሆንብሻል። ለዚህ ነው አሰራሩ «በረዶ ውሃ» የሚለው። ይሄንን ዝለዪው የምትል አትጥፋ እንጂ፣ አትስሟት። ቧንቧ ውሃ ይበቃል እንዳትዪ ደግሞ፤ የጅዳና የመካ በጋ የጣሪያውን ታንከር ሲያፈላው ቀዝቃዛ የተባለው ቧንቧ ራሱ ሻይ ሊያፈላ ምንም አይቀረው። ከማታው በረዶ አዘጋጂ፣ ወይም ከበቃላው አንድ ከረጢት ይምጣልሽ። እስኪቀዘቅዝ ድረስ ውስጡ ተይው፣ አንጠፍጥፊው፣ በንጹሕ ፎጣ አድርቀሽ ፍሪጅ አስገቢው። ማታ ትንሽ ቅቤ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ብታሞቂው በቃ፣ ቀለሙም እንዳለ ነው። ለከብሳ የሚሆን ለውዝ «ብላንች» ቢልሽም ይኸው ነው፤ አንድ ደቂቃ ያህል በፈላ ውሃ፣ ከዚያ በጣትሽ ጫን ስታደርጊው ልጣጩ ሸተት ብሎ ይወጣል።

ሁለተኛው ፎልድ ነው፤ ያ «እጠፊው» ያሰኘው። አንድ ነገር እዩ፤ የሳምቡሳ ቂጣ ላይ ፎልድ ካለ እውነትም እጠፊ ማለት ነው። ኬክ ላይ ግን ብዙ ጊዜ «ፎልድ ኢን» ብሎ ነው የሚመጣው። «ኢን» የምትለዋን ስታዪ አንዱን ነገር ሌላው ውስጥ ቀስ ብለሽ ክተቺው እያለሽ መሆኑን እወቂ።

የልጅቷ ኬክ አራት እንቁላል፣ 120 ግራም ስኳር፣ 120 ግራም ዱቄት ነው። ቤኪንግ ፓውደር የለውም። ታዲያ ምን ያነሳዋል? እንቁላሉ ውስጥ ተመትቶ የገባው አየር ብቻ ነው። እንቁላሉንና ስኳሩን በማሽን ስምንት አስር ደቂቃ ትመቺዋለሽ፣ ወፍሮ ነጣ ይላል፤ መምቻውን ስታነሺው የሚወርደው ክር ላዩ ላይ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚጠፋው። ያ ሁሉ ጥቃቅን አረፋ ነው። አሁን ዱቄቱን ጨምረሽ እንደ ገንፎ ብታማስዪው አረፋው ይፈርጣል፣ ዱቄቱም ብዙ ሲታሽ እንደ ሊጥ ይለጠጣል። ከምድጃ የሚወጣው ኬክ ሳይሆን ጫማ ሶል ነው።

ስለዚህ ማሽኑን አስቀምጪ። የላስቲክ ማንኪያ ያዢ። ከዱቄቱ ሲሶውን በወንፊት ላዩ ላይ ንፊበት። ማንኪያውን በጠርዙ መሐል ላይ አውርጂው፣ ታች ሲደርስ የሳህኑን ወለል እየጠረግሽ ወደ ራስሽ ሳቢው፣ በግድግዳው አውጥተሽ ከታች ያመጣሽውን ላዩ ላይ ገልብጪው። ሳህኑን ትንሽ አዙሪ፣ ድገሚ። ይቺ መገልበጧ ናት «ማጠፍ» የተባለችው። ፍትፍት ስትሠሪ እንጀራው እንዳይላቆጥ ከታች ወደ ላይ እያነሳሽ ነው አይደል የምታገላብጪው? እጅሽ ያውቀዋል። ዱቄቱን በሦስት ጊዜ ጨርሺው። ደረቅ ዱቄት ማየት ስታቆሚ አቁሚ፤ «ትንሽ ላሳምረው» የሚባል ነገር የለም። ሊጡ ቀጥኖ ላዩ ላይ ትላልቅ አረፋ እየወጣ ፏ ፏ ካለ አየሩ እያመለጠ ነውና ሳትቆዪ አስገቢው። ፉርኑን ቀድመሽ 180 ላይ አሙቂው። 25 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፣ መጀመሪያው ላይ በሩን አትክፈቺ። ጉልላቱን በጣትሽ ስትነኪው ተመልሶ ብድግ ካለ ደርሷል።

ሦስተኛው ሲር ነው፤ «አቃጥይው» ያለው። ደረቅ ጥብስ የምትችል ሰው ሲር ትችላለች። ጥብስ ስትሠሪ ሥጋው በዝቶ ድስቱ ላይ ሲታጨቅ ምን ይሆናል? ውሃ ያወጣል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ግራጫ ቅቅል ይሆናል። ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ አይሞቅም፤ ያ ቡናማ ቀለምና ሽታ የሚመጣው ደግሞ ላዩ ደርቆ ከዚያ በጣም ሲያልፍ ነው። ሲር ማለት የሥጋውን ላይ በኃይለኛ እሳት ቡናማ ማድረግ ነው። ጥቁር ከሆነ አልፏል፣ ይመራል።

ሥጋውን ከፍሪጅ ቀድመሽ አውጪ፣ በሶፍት ጠርገሽ አድርቂው። እርጥብ ከገባ መጀመሪያ ውሃውን ሲያተን ነው ጊዜው የሚያልቀው። መጥበሻው ብረት ይሁን፤ የማይዝ ቅብ ያለውን ባዶውን በኃይለኛ እሳት አታግዪው፣ ቅቡ ይጎዳል፣ ጭሱም ለአንቺ ጥሩ አይደለም። ጠብታ ውሃ ስትጥዪበት እየተንከባለለ የሚሸሽ ከሆነ ግሏል። ትንሽ ዘይት አድርጊ፣ ሥጋውን አራርቀሽ አስቀምጪ፤ ለስምንት ሰው ከሆነ በሁለት ሦስት ዙር ነው። ድምፁ «ጭስስስ» ብሎ መቀጠል አለበት። ከዚያ እጅሽን ሰብስቢ! ሁለት ደቂቃ ያህል አትንኪው። መጀመሪያ ላይ ይጣበቃል፣ ላዩ ሲጠበስ ራሱ ይለቃል። አልላቀቅ ካለሽ ገና ነው፣ አትታገዪው።

ብዙ ሰው «ሲር የሚደረገው የሥጋው ውሃ እንዲታሸግ ነው» ይላል። ይሄ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፋው ሐሳብ ነው፣ ግን ልክ አይደለም። የታሸገ ቢሆን ኖሮ ከጠበስሽው በኋላ ሳህኑ ላይ ውሃ ባልወረደ ነበር። ሲር ለጣዕም ነው። ይሄንን ማወቅሽ ምን ይጠቅምሻል? ላዩ አምሮ ውስጡ ጥሬ መሆኑን እንዳትረሺ። አሰራሩ ከሲር ቀጥሎ «ፉርን አስገቢ» ወይም «ውሃ ጨምረሽ አብስዪ» የሚለው ለዚያ ነው፤ እዚያ ላይ አታቁሚ። የእንግዳው ሳህን ላይ ደም የሚያይ ሰው ቤት ከሆንሽ ወፍራሙን ቦታ ከፍተሽ አይተሽ ነው የምታወጪው።

ልጅቷ በመጨረሻ የጠየቀችኝ «ታዲያ ሌላ የማላውቀው ቃል ቢመጣብኝስ?» ብላ ነው። ለማዳም ትርጉሙን አትጠይቂያት አልኳት። ብዙዎቹ ማዳሞችም አያውቁትም፣ የማታውቀውን ስትጠየቅ ደግሞ ትቆጣለች። ቃሉን ጽፈሽ ቪዲዮ ፈልጊ፣ ድምፁን አጥፊው፣ እጁን ብቻ ተመልከቺ። እሳቱ ትልቅ ነው ትንሽ? ስንት ደቂቃ ቆየ? ምን ሲመስል አነሳው? እነዚህን ካየሽ፣ ቃሉን በአማርኛ ምን እንደምትዪው ሳታውቂም ምግቡ ይወጣል።

እናንተ ጋ ያስቸገረ ቃል ካለ ጻፉልኝ። እኔ ከሚቀጥለው ጁምዓ በፊት «ሲመር» የሚለውን ልመልስላት ቃል ገብቻለሁ፤ ባጭሩ ሽሮ ፈንዳ ፈንዳ ሳይል፣ ዳር ዳሩን ብቻ ንጥር ንጥር ሲል ያለው እሳት ነው።