በአንድ ሌሊት የጠፉት ተከታዮች

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ወደ 119 ሚሊዮን ይጠጋ የነበረው የማርክ ዙከርበርግ የፌስቡክ ተከታይ ቁጥር ድንገት ከ10 ሺህ በታች ሆኖ ታየ። ሰዎቹ የትም አልሄዱም፤ የተሳሳተው ቆጣሪው ነበር፤ ሲስተካከል ቁጥሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ 4 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጁላይ 2018፣ ትዊተር ባሕርያቸው አጠራጥሮት የቆለፋቸውንና ባለቤታቸው መጥቶ «እኔ ነኝ» ያላለባቸውን አካውንቶች ከተከታይ ቁጥር ላይ ማንሳት ጀመረ። የድርጅቱ የራሱ ዋና አካውንት ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተከታይ አጣ። ይኼኛው ቁጥር ግን አልተመለሰም።

ሁለቱም በስልክ ላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ትናንት የነበረ ቁጥር ዛሬ የለም። ሦስተኛው ዓይነት፣ ማለትም ሰው ተቀይሞ ወይም ሰልችቶት ሲወጣ የሚመጣው ቅነሳ፣ እሱም እንደዚያው ነው የሚታየው። እኔ የአንድ አነስተኛ የመገናኛ ብዙኃን ድርጅት የቴሌግራምና የዩቲዩብ ቻናሎችን እከታተላለሁ፤ ሥራዬ እነዚህን ሦስቱን ለይቶ መናገር ነው። ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅበት የገባኝ፣ አንድ ሌሊት በጠፋ ቁጥር ምክንያት የባልደረባዬ ፕሮግራም ሊታጠፍ ሲል ነው።

የቴሌግራም ቻናላችን ያን ጊዜ 186 ሺህ ያህል ተከታይ ነበረው። ቁጥሩን በየሰዓቱ የምትመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም አለችኝ፤ getChatMemberCount በሚባለው ጥሪ ቴሌግራምን ትጠይቃለች፣ መልሱን ከነሰዓቱ ሠንጠረዥ ውስጥ ታስገባለች። መልስ ካልመጣ ቦታውን ባዶ ትተወዋለች እንጂ ዜሮ አትጽፍም። አንድ ዜሮ ከገባ ዛሬ «ሁሉም ሄደ»፣ ነገ «ሁሉም ተመለሰ» የሚል ሁለት የሐሰት ማንቂያ ይወልዳልና። የተለየ ቁጥር ስታይም ወዲያው አትጮህም፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቃ ደግማ ትጠይቃለች። የቆጣሪ ብልሽት ብዙውን ጊዜ እዚያው ይጋለጣል፤ ቁጥሩ በድንገት ወርዶ፣ በድንገት ወደነበረበት መስመር ይመለሳል። የወጣ ሰው እንዲህ ተሰልፎ አይመለስም።

ማንቂያው መቼ ይጩህ የሚለው ብዙ አሳስቦኝ ነበር። አብዛኛው ሰው ያለፈውን ወር አማካይ ይወስድና ከዚያ በጣም የራቀውን ቀን ይይዛል። የእኛ ቻናል በተለመደው ቀን 40 ገደማ ተከታይ ይጨምራል። በዚያ ወር ግን አንድ ቃለ መጠይቅ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባብሎ በአንድ ቀን 6,000 ሰው አምጥቶልን ነበር። ያቺ አንዲት ቀን ብቻ የ28 ቀኑን አማካይ ወደ 250 ሰቀለችው፤ የቀናቱ መደበኛ ልዩነትም 1,100 ገደማ ደረሰ። በተለመደው የሦስት እጥፍ መለኪያ ከሄድን፣ በአንድ ቀን ከ3,000 በላይ ሰው ካልጠፋ ማንቂያው ትንፍሽ አይልም።

ስለዚህ አማካዩን ትቼ መሃለኛውን ቁጥር ያዝኩ። የ28ቱን ቀን ለውጥ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሬ መሃል ላይ ያለውን እወስዳለሁ፤ 40 ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱ ቀን ከ40 ምን ያህል እንደሚርቅ አይቼ፣ እሱንም ደርድሬ መሃለኛውን እወስዳለሁ፤ 15 ወጣ። 6,000ዋ ቀን ከሰልፉ ጫፍ ላይ ትቆማለች እንጂ መሃሉን አትነካውም። ከ40 በ15 አሥር እጥፍ፣ ማለትም በ150፣ የራቀ ቀን ማንቂያ ያስነሳል። በአንድ ቀን ከ110 በላይ ስንቀንስ ወይም ከ190 በላይ ስንጨምር ስልኬ ይጮኻል ማለት ነው።

አንድ ማለዳ ጮኸ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ 1,900 ተከታይ ሄዷል። ደግሜ ጠየቅኩ፤ ያው ነው። ከረፋዱ በፊት አለቃችን ጋሼ ቁጥሩን ራሳቸው አይተውት ኖሮ ቢሮ ጠሩኝ። ማታውን የሄደው የባልደረባዬ ዝግጅት ነበር፤ በመሬት ይዞታ ጉዳይ ሁለት ወገን ያከራከረችበት፣ አስተያየቱም የጋለ።

«አየሽው አይደል?» አሉኝ። «ሰዉ ተቀየመን። ይቺ ልጅ ከመጀመሪያውም ነገር ታከራለች። ፕሮግራሙን ለጊዜው እናቁመው።»

«ጋሼ፣ እስከ ከሰዓት በኋላ ይታገሡኝ» አልኳቸው። ልቤ በፍርሃት ይመታ ነበር። ልጅቷን እወዳታለሁ፤ ለወደድኩት ሰው ስል ቁጥር እንዳላጣምም ራሴን መጠበቅ ነበረብኝ። እውነትም ሰዎች በእሷ ተቀይመው ወጥተው ከሆነ መናገር አለብኝ።

መጀመሪያ ሰዓቱን አየሁ። ዝግጅቱ የተለጠፈው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ሰው በአንድ ጽሑፍ ተናዶ ሲወጣ፣ መውጣቱ የሚበረታው ከተለጠፈ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ነው፤ ከዚያ እየሳሳ ለአንድ ሁለት ቀን ይንጠባጠባል። እዚህ ግን ከ2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የተለየ ነገር የለም፤ ከ8 እስከ 11 ቁልቁል መውረድ፣ ከዚያ እንደገና እንደወትሮው። አዲስ አበባ ተኝታለች በሚል ብቻ መዝጋት ግን አልቻልኩም። በዚያ ሰዓት ዋሽንግተን ገና ማምሻዋ ነው፤ ከተከታዮቻችን ብዙዎቹ ደግሞ እዚያ ናቸው።

ስለዚህ ወደ እይታው ሄድኩ። የምንለጥፈው ነገር በመጀመሪያው 24 ሰዓት 21 ሺህ ገደማ ሰው ያየዋል። 1,900 እውነተኛ ተከታይ፣ ያውም ተናዶ እስኪወጣ ድረስ የሚያነብ ተከታይ፣ ሄዶ ቢሆን ይህ ቁጥር መጎዳቱ አይቀርም። የማለዳው ዜና ከሌላ ቀን ማለዳ ጋር በተመሳሳይ ሰዓት ሳነጻጽረው ምንም አልተነቃነቀም። የሄዱት ሲጀመርም የማያዩን ነበሩ።

ታዲያ ቴሌግራም ሐሰተኛ አካውንቶችን በጅምላ ጠርጎ ይሆን? ለዚህ ጥያቄ ብዬ መጠናቸው ከእኛ የሚቀራረብ ሌሎች ዘጠኝ የአማርኛ ቻናሎችን እመዘግባለሁ። የሕዝብ ቻናል የተከታይ ቁጥር በt.me ገጹ ላይ እስከ መጨረሻው አሃዝ ስለሚታይ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። አጠቃላይ ጠረጋ ቢሆን ብዙዎቹ በዚያው ሌሊት በየመጠናቸው ዝቅ ይሉ ነበር። አንዳቸውም አልወረዱም። የደረሰው በእኛ ላይ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያሳዘነኝ። በአንድ ቻናል ላይ ብቻ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ እይታን ሳይነካ የሚመጣ ቅነሳ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ የሚመልስ ክር አለው፤ የሄደው ቁጥር በጅምላ የገባበት ቀን ይገኛል። ሠንጠረዡን ወደ ኋላ ስገፋ፣ ማንቂያውን ገና ሳልሠራው በነበረው ጥር ላይ አገኘሁት። በአንድ ሌሊት፣ ለ6 ሰዓት፣ በየሰዓቱ 340 ገደማ፣ በጠቅላላው 2,040 ሰው ገብቷል። ቃለ መጠይቃችን ሰው ባመጣልን ቀን መጀመሪያ እይታው ነበር የናረው፤ ተከታዩ ከኋላ ነው የመጣው፤ ሰዓቱም ያበጠና የከሳ ነበር፣ ምሳ ሰዓት ላይ ብዙ፣ ሌሊት ጥቂት። የጥር ሌሊቱ ግን እይታ አልነበረውም፤ ከቧንቧ እንደሚወርድ ውሃ በአንድ ልክ ነው የፈሰሰው። የተገዛ ተከታይ እንዲህ ነው የሚገባው። የተሸጡት አካውንቶች አንድ ቀን ሲዘጉ ወይም ሲወጡ ደግሞ እንደገቡት አብረው ይሄዳሉ።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ሌሊቶች ጎን ለጎን አድርጌ ለጋሼ አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት።

«ጥር ላይ ቻናሉን አስተዋውቃለሁ ብሎ ገንዘብ የተቀበለን ሰው ነበር» አሉኝ በመጨረሻ። «ሁለት ሺህ ሰው አመጣሁ ሲለኝ ደስ ብሎኝ መርቄው ነበር። እና ልጅቷ ምንም አላጠፋችማ?»

«የእሷን ለብቻው አይቼዋለሁ፣ ጋሼ። ከዝግጅቱ በኋላ ባሉት 6 ሰዓታት እንደወትሮው ነው የገባውም የወጣውም። በእሷ ምክንያት የሄደ ካለ እንኳን ከተለመደው ቀን የሚለይ አይደለም።»

ፕሮግራሙ ቀጠለ። ግን ሌላ ያላሰብነው ጥያቄ መጣ። ከጥር ጀምሮ ለማስታወቂያ ደንበኞች በላክናቸው ደብዳቤዎች ላይ ያ ቁጥር ተቆጥሮ ነበር። የሌሊቱ ቅነሳ ስለ ሰዎች ስሜት የነገረን ነገር የለም፤ ስለ ትናንቱ ቁጥራችን ግን እውነቱን ነግሮናል። ጋሼ አላቅማሙም፤ ለደንበኞቹ በአዲሱ ቁጥር አጻፉ፣ ከተከታዩ በላይም አንድ ጽሑፍ በ24 ሰዓት ምን ያህል ሰው እንደሚያየው አስቀደሙ። እኔም ሠንጠረዡ ላይ ሁለቱን ሌሊቶች ምክንያታቸውን ጽፌ ምልክት አደረግኩባቸው።

ዩቲዩብ ላይ ይህ ሁሉ በቀጥታ አይሠራም፤ ቶሎ የሚያሳስተውም እሱ ነው። ከ2019 ወዲህ ዩቲዩብ ለሕዝብ የሚያሳየውን ቁጥር ወደታች ያጠጋጋል፤ ሦስት አሃዝ ብቻ ነው የሚሰጠው። 214,010 ተከታይ ያለው ቻናል 214 ሺህ ተብሎ ይታያል። 20 ሰው ቢወጣ 213,990 ይሆናል፣ የሚታየው ግን 213 ሺህ ነው። ከውጭ ለሚመዘግብ ሰው 20 ሰው 1,000 መስሎ ይታየዋል። ስለዚህ በሌላ ሰው ቻናል ላይ የአንድ እርከን መውረድን እንደ ዜና አልይዘውም፤ በራሳችን ላይ ደግሞ ትክክለኛውን ቁጥር፣ የገባውንና የወጣውን ለየብቻ፣ ከዩቲዩብ ስቱዲዮ ነው የማነበው። የዩቲዩብ ቀን የሚቆጠረውም በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ሰዓት ነው፤ በእኛ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ እነሱ በበጋ ሰዓታቸውን ሲያዛውሩ ደግሞ 4 ሰዓት ላይ። የቴሌግራሙን ቀንና የዩቲዩቡን ቀን ሳያስተካክል ያነጻጸረ ሰው፣ የትናንት ማታውን ዝግጅት ከተሳሳተ ቀን ጋር ያጋባዋል።

ይህ ማንቂያ የማይዘው አንድ ነገር አለ። ተከታይ በቀን 10 እና 15 እያለ በቀስታ ቢገዛ፣ ቁጥሩ ከተለመደው ቀን ውስጥ ይሰወራል፤ መሃለኛውን ቁጥር ራሱን ቀስ እያለ ይገፋዋል እንጂ ደወል አያስነሳም። ለእሱ የምጠቀመው ሌላ መለኪያ ነው፤ በየወሩ መጨረሻ እይታውን ለተከታዩ አካፍላለሁ። እኛ ጋ ከ100 ተከታይ 11ዱ ያህል ያየናል። የምናወጣው ዝግጅት ሳይቀየር ይህ ቁጥር ለሁለት ሦስት ወር ተከታትሎ ካሽቆለቆለ፣ ተከታዩ እየበዛ ሰው ግን እየበዛ አይደለም ማለት ነው። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሰዓት በሰዓት ማየት እጀምራለሁ።